በፍሬ 13 ብር ወይስ 25 ብር? የትኛው ዳይፐር ነው በቀን ሲሰላ የሚረክሰው

የበኩር እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘጠኝ ወር ሞላው። ለክትባት ስወስደው ተመዝኖ 9 ኪሎ ሆኗል። ችግሬ ሌሊት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዳይፐሩን ቀይሬ አስተኛዋለሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ገደማ እያለቀሰ ይነቃል። ስዳስሰው ቢጃማው እስከ ጀርባው ርሷል።

እስካሁን ሦስት ዓይነት ሞክሬያለሁ። ስማቸውን አልጠራም። አንድ እሽግ ገዝቶ የሰው ዕቃ ስም ማንሳት ልክ አይመስለኝም። በእሽጋቸው ቀለም ልጥራቸው። ሁሉም ቁጥር 4 ናቸው።

ሰማያዊው 52 ፍሬ ሆኖ 1,300 ብር ነው። አረንጓዴው 60 ፍሬ 1,080 ብር። ነጩ አርማ የለውም፣ በፌስታል ታስሮ ነው የሚሸጠው፤ 50 ፍሬው 650 ብር። በፍሬ ሲካፈል 25፣ 18 እና 13 ብር ይመጣል። ባለቤቴ በ13ቱ እንቀጥል ይላል። ወር ሲቆጠር ብዙ ብር ነውና አልፈርድበትም።

ግን ሁለት ሳምንት ሆነው፣ መቀመጫው ቀልቷል። ዳይፐሩ ይሁን ዋይፕሱ አላወቅኩም። እናንተ እንዴት ነው የምታወዳድሩት?

የመንታ አባት
እህቴ፣ እኔ መንታ ስላለኝ ይህን ነገር በደንብ አይቼዋለሁ። ቤት ውስጥ ፈትሼዋለሁ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙሉውን ዳይፐሩ ላይ አፈሰስኩ። አንዱ ጠብታ ሳያስተርፍ መጠጠው። ሌላው ግማሹን ጠረጴዛ ላይ ለቀቀው። ስለዚህ ወፍራሙን ግዢ፣ ውፍረቱ ነው ዋናው።

ደግሞ ቁጥር 3 ይሻልሻል። እኔ በዚያው ዋጋ 68 ፍሬ ነው የማገኘው። በፍሬ ሲካፈል ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሚዛን
ዳይፐር የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት የጥራት ፍተሻ ላይ ሠርቻለሁ። ወንድሜ የመንታ አባት፣ ማፍሰስህ ትክክል ነው። ያፈሰስከው ግን ንጹህ ውሃ ነው፣ እሱ ያሳስታል።

ዳይፐር ውስጥ ያለውን ነጭ ዱቄት ታውቁታላችሁ፣ ሲረጥብ ጄል የሚሆነውን። ሽንቱን የሚይዘው በዋናነት እሱ ነው። ይህ ዱቄት ንጹህ ውሃ ሲያገኝ የክብደቱን መቶዎች እጥፍ ይጠጣል። ጨው ያለው ነገር ሲሆን ግን ወደ 30 ወይም 50 እጥፍ ይወርዳል። ሽንት ደግሞ ጨው አለው። ስለዚህ በውሃ ሲፈተሽ ደካማውም ጎበዝ ይመስላል። እኛ ፋብሪካ ውስጥ በሊትር 9 ግራም ጨው ያለው ውሃ ነበር የምንጠቀመው። ቤት ውስጥ ለግማሽ ሊትር ውሃ የሻይ ማንኪያ ሦስት አራተኛ ጨው ይበቃል። ለብ ያለ ይሁን።

ውፍረትም አያሳይም። ብዙ ጊዜ ወፍራም የሚያደርገው ጥጥ መሳዩ የእንጨት ቃጫ ነው። እሱ ቶሎ ይጠጣል፣ ሲጫኑት ግን መልሶ ይተፋል። ቀጭን ሆኖ ዱቄቱ የበዛ ዳይፐር ከወፍራሙ በላይ ሊይዝ ይችላል።

ቁጥር 3ን በተመለከተ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን በአንድ ዋጋ የሚገባው ፍሬ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥር 3ን ከቁጥር 4 ጋር በፍሬ ማወዳደር አይሆንም። ለ9 ኪሎ ልጅ ሌሊት ላይ ትንሹን ማድረግ ደግሞ ማፍሰሱን ያባብሰዋል።

የበኩር እናት፣ መጀመሪያ ልጅሽ ሌሊት ስንት እንደሚሸና እወቂ። ደረቁን ዳይፐር በኩሽና ሚዛን መዝኚው። ጠዋት ያወለቅሽውን መዝኚው። ልዩነቱ በግራም ስንት እንደሆነ ጻፊልን። ፍተሻውን በዚያ መጠን እንሠራዋለን።

አያት
ልጆቼ፣ እኔ አምስት ልጅ ያሳደግኩት በጨርቅ ነው። ያረጀ ነጠላ እየቀደድኩ፣ በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ዋይፕስ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ለብ ባለ ውሃ አጥበን፣ በነጠላው አድርቀን፣ ለጋ ቅቤ እንቀባ ነበር። አንድም ልጅ እንዲህ አልቀላብኝም። አሁንም ለልጅ ልጄ ነጠላ ቆርጬ አስቀምጫለሁ። የኔ ልጅ፣ ዋይፕሱን ትተሽ እስኪ ውሃ ሞክሪ።

ሲስተር
የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። እማማ ስለ ውሃውና ስለ ነጠላው ያሉት ልክ ነው። ያረጀ ነጠላ ለስላሳ ነው፣ ቆዳ አይፍቅም። ስለ ቅቤው እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቆዳውን ከእርጥበት መከለሉ መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን በቀላ ቆዳ ላይ ቅቤ ከሚሆን ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ይሻላል። ፓውደር ደግሞ አትነስንሱበት፣ ብናኙ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

የበኩር እናት፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ መቅላቱ የት ነው? የጭኑ እጥፋት ውስጥ ገብቷል ወይስ ዳይፐሩ የሚነካው ጉብታ ላይ ብቻ ነው? ዙሪያውን ተበታትነው የወጡ ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ? ሁለተኛ፣ አፉንና እጁን በምን ነው የምትጠርጊው?

የበኩር እናት
ሲስተር፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ አስደነገጠኝ። በዚያው ዋይፕስ ነው የምጠርገው። ምሳ አብልቼው አፉን፣ ከዚያ እጁን። አሁን ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ መስኮት አጠገብ ወስጄ አየሁት። ከከንፈሩ ሥር አገጩ ላይ ቀላ ያለና የተላጠ ነገር አለ። ምራቁ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ታች ያለው ጉብታው ላይ ነው። በፊንጢጣው ዙሪያም አለ፣ የምጠርገው ቦታ ላይ። እጥፋቱ ውስጥ ንጹህ ነው። ነጠብጣብ አላየሁም።

ሲስተር
እጥፋቱ ንጹህ ከሆነና ነጠብጣብ ከሌለው ፈንገስ አይመስልም። ፈንገስ ሲሆን እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ደም ይመስላል፣ ዳር ዳሩንም ነጠብጣብ ይወጣል። እሱ ቅባት ብቻ አይበቃውም፣ ሐኪም ማየት አለበት።

ዳይፐር ብቻ ቢሆን አገጩ አይቀላም ነበር። አፍ ዙሪያና መቀመጫ አንድ ላይ ሲቀላ ሁለቱን የሚነካው ዋይፕስ ነው መጀመሪያ የሚጠረጠረው። ምራቅም ራሱ አገጭ ያቀላል፣ ስለዚህ አልወስንም። እሽጉን ገልብጪና የተጻፈውን አንብቢ። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚል አለ? መከላከያ ኬሚካል ነው፣ ውሃው እንዳይበላሽ የሚገባ። አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ አለርጂ ያመጣል። አውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ ታጥቦ በማይወርድ የቆዳ ምርት ውስጥ ከልክሎታል። ዋይፕስም እዚያ ውስጥ ነው። ሽታም ካለው ተዪው። «ለሕፃን» ወይም «ለስስ ቆዳ» ብሎ ፊት ለፊት የሚጽፈውን አትመኚ፣ ከኋላ ያለውን ነው የምታነቢው።

አሁን ዋይፕሱን ብቻ አቁሚ። ዳይፐሩን በተመሳሳይ ቀን አትቀይሪ። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየርሽ የትኛው እንደሆነ መቼም አታውቂም።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ ሜሪላንድ ነኝ። አምና ለእህቴ ልጅ ከኮስኮ የኪርክላንድ ዳይፐር ይዤ መጥቼ ነበር። አንዱን ስመዝነው 32 ግራም ነው፣ 180 ፍሬ ወደ 6 ኪሎ ገባ። ሻንጣው 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው፣ ቦታውን ደግሞ ግማሹን ወሰደው። በአንድ ወር አለቀ። ሁለተኛ አልሞክረውም። ከዳይፐር ይልቅ ቅባቱንና ዋይፕሱን ይዞ መምጣት ይሻላል፣ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፣ ዋይፕስ ግን ከባድ ነው። 99.9 በመቶ ውሃ የሚለውን ዋተርዋይፕስ ነው የላክሁላት። ለቆዳው ተስማምቶታል፣ ዋጋው ግን እዚህም ውድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ያለው ፓምፐርስና እዚያ ያለው ፓምፐርስ አንድ ነው ወይ? እህቴ ይለያያል ትላለች።

ሚዛን
እህትሽ ልክ ነች ብዬ ነው የማምነው። በአንድ ስም ብዙ ደረጃ አለ። ፓምፐርስ ለምሳሌ ቤቢ ድራይም አለው፣ ፕሪሚየም ኬርም አለው፣ ዋጋቸውም አሠራራቸውም አይገናኝም። ከዚያ በላይ አንድ ስም በተለያየ አገር ፋብሪካ ይመረታል። ስለዚህ «ሃጊስ ይሻላል፣ ሞልፊክስ ይሻላል» ብሎ መከራከር ብዙ አያስኬድም። ከስሙ ሥር በትንሹ የተጻፈውን ደረጃና የተመረተበትን አገር ማየት ያስፈልጋል። እኛ አገር ደግሞ ሁሉንም ዳይፐር ፓምፐርስ ስለምንለው ሱቅ ሄዶ መጠየቅ ራሱ ያምታታል።

ሳሪስ
ይቅርታ፣ እኔ ለእናቴ ነው የምፈልገው። ከወደቀች በኋላ አልጋ ላይ ነች። የአዋቂ ዳይፐር ዋጋው ከልጅ ሦስት እጥፍ ነው። ውይይቱ ስለ ልጅ ዳይፐር እንደሆነ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ግን የጨው ውሃው ፍተሻ ለአዋቂም ይሠራል?

ሚዛን
ይሠራል እህቴ። እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ለልጁ ለምሳሌ 70 ሚሊ ሊትር ሦስት ጊዜ የሚፈስ ከሆነ፣ ለእናትሽ 200 ሚሊ ሊትር ሦስት ጊዜ አፍስሺ። ለአልጋ ቁራኛ ሰው ዋናው ነገር ስንት ይይዛል ሳይሆን ሲተኙበት ስንት ይመልሳል የሚለው ነው። የወገቧ ቆዳ የሚቆስለው በዚያ ነው። አልጋው ላይ የሚነጠፈውን ሽንት የሚመጥ ምንጣፍ ቀን ላይ ያለ ዳይፐር ብቻውን መጠቀም ከቻልሽ ወጪውን ያቀልልሻል።

የበኩር እናት
መዘንኩት። ደረቁ 32 ግራም፣ ጠዋት ያወለቅኩት 246 ግራም። ስለዚህ ሌሊቱን 214 ግራም ሸንቷል።

ዛሬ ልጁ ሲተኛ ፍተሻውን ሠራሁ። ሦስቱንም ዳይፐር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። በመርፌ አልባ ሲሪንጅ የጨው ውሃ 70 ሚሊ ሊትር ከፊት ለፊት አፈሰስኩ፣ ወንድ ስለሆነ እዚያ ነው የሚሸናው። አሥር ደቂቃ ጠብቄ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ከመጨረሻው አሥር ደቂቃ በኋላ ሶፍት አጣጥፌ መዘንኩና ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለት ኪሎ ስኳር ጫንኩበት፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ሶፍቱን መልሼ መዘንኩት።

የሰማያዊው ሶፍት 2 ግራም ጨመረ። በጣቴ ስነካው ደረቅ ነው ማለት ይቻላል። የአረንጓዴው 5 ግራም ጨመረ። የነጩ 21 ግራም ጨመረ፣ ሶፍቱ እጄ ላይ ተቀደደ። ሦስተኛውን ሳፈስ ደግሞ በጭኑ በኩል ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ልጄ በዚያ ላይ ነው ሌሊቱን የተኛው። ሳየው አለቀስኩ።

ያስገረመኝ ነገር፣ ሲታዩ ከሁሉም ወፍራሙ ነጩ ነው።

ሚዛን
በጣም ጥሩ አድርገሻል። አታልቅሺ፣ ማንም በእጁ ዳስሶ አያውቀውም። 21 ግራሙ ልጁ ቆዳ ላይ የሚመለሰው ነው። ቆዳ ሌሊቱን ሙሉ ርሶ ሲያድር ይላላል፣ ከዚያ ትንሽ ፍትጊያም ይበቃዋል። ካካ ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል።

አሁን ሒሳቡን በፍሬ ተዪውና በቀን አድርጊው። በየዳይፐሩ በቀን ስንት ትቀይሪያለሽ?

የበኩር እናት
ጽፌ ይዤዋለሁ። በሰማያዊው 5፣ ሌሊት አልቀይርም። በአረንጓዴው 6፣ ሌሊት አንድ ጊዜ እነሳለሁ። በነጩ 9።

ሰማያዊው 5 በ25፣ 125 ብር።
አረንጓዴው 6 በ18፣ 108 ብር።
ነጩ 9 በ13፣ 117 ብር።

ስለዚህ በፍሬ የረከሰው በቀን ከአረንጓዴው በልጧል። የአንሶላው እጥበት አልተቆጠረም። ቀን አምስት አረንጓዴ፣ ሌሊት አንድ ሰማያዊ ባደርግ 115 ብር ይሆናል፣ እኔም አልነሳም። ለባለቤቴ አሳየሁት። ወረቀቱን ወስዶ ራሱ ደግሞ አሰላው፣ ከዚያ ነጩን አይገዛም አለ።

የመንታ አባት
በጨው ውሃ ደግሜ ሠራሁት። የኔም ደረጃ ተገለበጠ፣ ሚዛን አመሰግናለሁ።

ግን የምከራከርበት አለኝ። ቀን ላይ በየሁለት ሰዓቱ ለሚቀየር ልጅ ውዱ ምን ያደርጋል? ካካ ካለ በየትኛውም ይቀየራል። የኔ መንታዎች ቀን ላይ ነጩን ነው የሚያደርጉት፣ አልቀሉም። ሁለት ልጅ ላለው ሰው በፍሬ አምስት ብር ቀላል አይደለም።

ዋይፕስንም ቆጥሬዋለሁ። ባለ 120ው 210 ብር ነው፣ አንዱ 1 ብር ከ75። ባለ 72ቱ 180 ብር፣ አንዱ 2 ብር ከ50። ግን የባለ 120ው ቀጭን ስለሆነ ጣት ያልፍበታል። ለአንድ ካካ አምስት ይፈጃል። የወፍራሙ ሦስት ይበቃል። 8 ብር ከ75 እና 7 ብር ከ50 ማለት ነው። የወፍራሙ ረከሰ።

ሲስተር
ስለ ቀኑ ከአንተ ጋር ነኝ ወንድሜ፣ ቆዳቸው ካልቀላ። የበኩር እናት ልጅ ግን አሁን ቀልቷል፣ እስኪድን ደረቁ ይሻለዋል።

ጎፋ ካምፕ
ሁለት ነገር ብቻ። ዳይፐሩ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ሰማያዊ ሲሆን ወዲያው አትቀይሩ፣ በትንሽ ሽንትም ይቀየራል። እኔ በመስመሩ ስቀይር በቀን 10 ነበር፣ አሁን 6 ነው። ደግሞ ካሰራችሁ በኋላ በጣታችሁ የጭኑን ላስቲክ ዙሪያውን ወደ ውጭ አውጡት። ወደ ውስጥ ታጥፎ ከቀረ የፈለገ ውድ ቢሆን ያፈስሳል። ለወንድ ልጅ ደግሞ ብልቱን ወደ ታች አድርጋችሁ እሰሩ። የኔ ልጅ ሆዱ ላይ የሚርሰው በዚህ ነበር።

የበኩር እናት
አሥር ቀን ሆነኝ። ዋይፕሱን አቆምኩ። እሽጉን ሳነብ ሲስተር የጠቀሰችው ስም በሁለተኛው መስመር ላይ አለ። ቤት ስንሆን ለብ ያለ ውሃና የነጠላ ቁራጭ ነው። እማማ አያት፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ ያረጀ ነጠላዋን ላከችልኝ። ከቤት ስንወጣ ብቻ ወፍራሙን፣ ሽታ የሌለውን ዋይፕስ እይዛለሁ።

አገጩ በአምስተኛው ቀን ጠፋ። መቀመጫው ግን ግማሹ ነው የጠፋው። ዳይፐሩን እስከ ስምንተኛው ቀን አልቀየርኩም ነበር፣ ሲስተር እንዳለችው። ከትናንት በስቲያ ሰማያዊውን ለሌሊት ጀመርኩ። ጭኑ ላይ ላስቲኩ የሚነካው ቦታ አሁንም ቀይ መስመር አለ። ይህ የዋይፕሱ ቅሪት ነው ወይስ የዳይፐሩ?

ሲስተር
ገና አይታወቅም። ላስቲኩ ብቻ በሚነካበት ቦታ ከሆነ ከላስቲኩ ወይም ከቀለሙ ሊሆን ይችላል፣ ጠብቆ ታስሮም ሊሆን ይችላል። ሁለት ጣት እንዲገባ አላልተሽ እሰሪ። በሳምንት ካልለቀቀ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ጋ ውሰጅው።

የበኩር እናት
እሺ ሲስተር፣ አላልቼዋለሁ። ደግሞ ዛሬ አረንጓዴውን ልገዛ ሄጄ 1,080 ብር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሳየው 56 ፍሬ ነው የሚለው፣ የበፊቱ 60 ነበር። በፍሬ 19 ብር ከ30 ሆነ። 60ውን ያየ አለ?

ጎፋ ካምፕ
ሜክሲኮ ከአንድ ሱቅ ትናንት 60 ገዛሁ፣ በዚያው ዋጋ። የቆየ ዕቃ ይመስላል። ስትገዢ ከፊት ያለውን ሥዕል ተዪና ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ቁጥር እይ።